ቀ እና ከ በድምፅ መመርመሪያው ፕሮግራም በፕራት ሲለኩ፦ ጥያቄና መልስ

ከከዚራ፦ አቦ ቪኦቲ ለክቼ ቀን ከከ መለየት አቃተኝ፣ ቁጥሮቹ ተቀላቀሉብኝ፣ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ምንም አልሳትክም፣ ቪኦቲ፣ ማለትም ከፍንዳታው እስከ አናባቢው መጀመሪያ ያለው ጊዜ፣ ብቻውን አይበቃም። የኛ ከ ራሱ ትንፋሽ ስላለው አናባቢው እስኪገባ ትንሽ ይቆያል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከቀ ጋ ሊገጥም ይችላል። ልዩነቱ ያለው መሀሉ ላይ ነው። «ከዳ» ስትል ከፍንዳታው ጀምሮ አናባቢው እስኪገባ ትንፋሽ እየወጣ ነው፣ የድምፁ ምስል ስፔክትሮግራሙ ላይ ግራጫ ሆኖ ታየዋለህ። «ቀዳ» ስትል ግን ጉሮሮህ ዝግ እያለ ስለሚፈነዳ መጀመሪያ አጭር በርስት፣ ማለትም የፍንዳታው ድምፅ፣ ከዛ ነጭ ባዶ ቦታ ከዛ አናባቢው ይመጣል። ስለዚህ ከ To TextGrid... ነጥብ የሚደረግበትን መደብ ፖይንት ቲየር ከፍተህ ሶስት ነጥብ አድርግ፦ በርስቱ የጀመረበት፣ የጠፋበት፣ አናባቢው የጀመረበት። እንበል «ቀዳ» ላይ 1.212፣ 1.236 እና 1.290 ሰከንድ ላይ ቢወድቁ በርስቱ 24 ሚሊሰከንድ፣ ዝምታው 54፣ ቪኦቲው 78 ማለት ነው። «ከዳ» ላይ ቪኦቲው 75 ቢመጣልህ እንኳ ጩኸቱ አናባቢው ድረስ ስለሚዘልቅ ዝምታ የሚባል ነገር አታገኝም። TextGridኡን መርጠህ ይቺን ስክሪፕት አስኪዳት፦

```
b = Get time of point: 1, 1
n = Get time of point: 1, 2
v = Get time of point: 1, 3
writeInfoLine: (n-b)*1000, " ", (v-n)*1000, " ", (v-b)*1000
```

ከጀጎል፦ Show pulses ካበራሁ የመጀመሪያዋ ሰማያዊ መስመር ላይ አናባቢው ጀመረ ማለት ነው አይደል? እኔ እንደዛ ነው የምሰራው።

ለከ ብዙውን ጊዜ ያስኬድሻል። ለቀ ግን ጉሮሮ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ እርግብግቢቶች የተራራቁና ያልተስተካከሉ ስለሚሆኑ ፕራት ይዘላቸዋል፣ ቪኦቲሽም ሳይታወቅሽ ይረዝማል። ዙም አድርገሽ ሞገዱን በአይንሽ እዪው። እኔ የመጀመሪያዋን ያልተስተካከለች እርግብግቢት ነው የምይዘው፣ ሞገዱ እስኪስተካከል የሚጠብቁም አሉ፣ በዚህ ሰው አልተስማማም። ብቻ አንዱን ከያዝሽ ለሁሉም ቃል እሱኑ ያዢ፣ መሀል ላይ ከቀየርሽ ልዩነቱ የቀ ይሁን ያንቺ አይታወቅም።

ከሳቢያን፦ እኔ አፌን የፈታሁት በሶማሊኛ ነው፣ የኛን ቃፍ ቀድቼ ያ ነጭ ቦታ ጭራሽ የለም፣ ማይኬ ነው ችግሩ?

ማይክህ አይደለም ወንድሜ፣ የሶማሊኛ ቃፍ እንደ ቀ ጉሮሮ ተዘግቶ የምትፈነዳ ኢጀክቲቭ አይደለችም፣ ከእንጥል አካባቢ የምትወጣ ናት፣ በሁለት አናባቢ መሀል ስትገባማ ብዙ ጊዜ ድምፅ ያላት ትሆናለች። በኦሮምኛ ቀ ወይም በሀረሪ ቀ ሞክረው፣ እነሱ ላይ ታገኘዋለህ።

ግን ስትቀዳ ፋኑን አጥፋው፣ በድሬ ሙቀት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ያ ሁሉ ንፋስ ግን ዝምታውን በግራጫ ይሞላውና ቀ ከ ይመስልሃል። የቴሌግራም ቮይስንም አትለካው፣ ሲጨመቅ የበርስቱ ጠርዝ ይደበዝዛል። በ WAV በ 44100 ሄርዝ ቅዳው።

ከከዚራ፦ ጸስ?

ጸ ላይ ዋናው ፉጨቱ ነው፣ ስለዚህ በቪኦቲ ፋንታ የፉጨቱን ርዝመትና ከኋላው ያለውን ዝምታ ለካ። ተናጋሪህ «ጠሐይ» ካለህ ግን እንደ ጠ ቁጠራት።