«የቆመውን» ወይስ «የቆመችውን»? ከመናፍስት ጋር ስለሚደረግ ውል

ጥያቄ፦ የግሪም ወንድማማቾችን ተረት እየተረጎምኩ ነው። ሰይጣኑ ባለወፍጮውን «ከወፍጮ ቤትህ ጀርባ የቆመውን እንደምትሰጠኝ ቃል ግባልኝ» ይለዋል። በኋላ ግን እዚያ የቆመችው የገዛ ልጁ ሆና ትገኛለች። «የቆመችውን» ልበል? ወይስ «የቆመውን ነገር»? በሌላ ተረት ደግሞ መንፈሱ «ስምሽን ስጪኝ» ብሎ ልጅቱን ያጠምዳታል። ይህ በአማርኛ ለምን አልጥም አለኝ?

መልስ፦ «የቆመውን» ይበሉ። «የቆመችውን» ካሉ ተረቱ እዚያው አለቀ። አንባቢ ወዲያው «አሃ፣ ሴት ናት» ይላል። ባለወፍጮውም ቢሆን ጆሮ አለው።

ጀርመንኛው ላይ ያለው ቃል «ቫስ» ነው፤ ፆታ አይናገርም። የእኛ ግሥ ግን ወንድ ወይ ሴት ሳይል አያልፍም። ደግነቱ ማንነቱን ለማናውቀው የምንጠቀመው የወንዱን ነው። በር ሲንኳኳ «ማነው?» እንላለን፣ ደጅ የቆመችው እናታችን ብትሆንም። ስለዚህ «የቆመውን» ሲሉ ልጅቱን አላጋለጡም፣ ከውሉም አላስወጧትም።

ነገሩ የገባኝ ትዕይንቱን ቀስ ብዬ ሳነበው ነው። ሰውዬው ደህይቷል። የቀሩት ወፍጮውና ከጀርባው ያለው ትልቅ የፖም ዛፍ ብቻ ናቸው። እንጨት ሊቆርጥ ጫካ ሲሄድ አንድ ሽማግሌ ያገኘዋል። ሀብታም አደርግሃለሁ፣ ግን ከወፍጮ ቤትህ ጀርባ የቆመው የእኔ ይሁን ይለዋል። ሰውዬው «ከፖሙ ዛፍ ሌላ ምን ሊኖር?» ብሎ ይስማማል። ሽማግሌው ይስቅና ከሦስት ዓመት በኋላ መጥቶ እንደሚወስድ ነግሮት ይሄዳል። ቤት ሲደርስ ሚስቱ ታስረዳዋለች፦ ልጃችን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆማ ግቢ እየጠረገች ነበር።

ልብ ይበሉ፣ ሰይጣኑ አንድም ውሸት አልተናገረም። «ዛፉን» ያለው ሰው የለም። ባለወፍጮው የፈረመው በተነገረው ቃል ላይ ነው፤ ያሰላው ግን በሐሳቡ ያለውን ዛፍ ነው። የዚህ ዓይነት ውል ሁሉ የሚያጠምደው በዚህ ክፍተት ነው። ስለዚህ የተርጓሚው ሥራ ለዛፍም ለሰውም እኩል የሚሆን ግሥ መፈለግ ነው። «ቆመ» ይሆናል። ያልተቆረጠ ዛፍ የቆመ ዛፍ ነው፤ መጥረጊያ የያዘች ልጅም ቆማለች። «የበቀለውን» ቢሉ ልጅቱ ነጻ ወጣች። «ነገር» የምትለዋን ከጨመሩም እንደዚያው። አባትየው «ልጄ ነገር አይደለችም» ብሎ መከራከር ይችላል፣ ይረታልም። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ሰይጣን አይተውም።

«ቃል ግባልኝ» ያሉትን አይንኩት። «ቃል ስጠኝ» ቢሉ ፖሊስ ጣቢያ ይመስላል።

ወደ ስም እንምጣ። «ስምሽን ስጪኝ» ያልጣመዎት እኛ ስም የምንጠይቀው «ማን ልበል?» ወይም «ስምሽ ማን ነው?» ብለን ስለሆነ ነው። መስጠትና መቀበል የለበትም። እንግሊዝኛው የሚጫወተው «ስምሽን ማግኘት እችላለሁ?» በሚለው የተለመደ አነጋገር ነው። መንፈሱ «ማግኘት»ን እንደ ቃሉ ይወስደዋል፣ ልጅቱ ስም አልባ ትቀራለች። የእኔ ሐሳብ «ስምሽን ልያዘው?» ነው። «ስልክ ቁጥሬን ያዝ» ስንል መዝግበው ማለታችን ነው። ግን መያዝ መማረክም ነው፣ መያዣም ከዚሁ ግሥ ይወጣል። ልጅቱ «ያዘው» ስትል የሰማችው መመዝገብን ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ በድሮዎቹ ተረቶች ብዙ ጊዜ በስሙ የሚጠመደው ራሱ መንፈሱ ነው። በሩምፕልሽቲልትስኪን ተረት የባለወፍጮ ልጅ (ሌላ ባለወፍጮ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ዕድል የላቸውም) ገለባ ወደ ወርቅ ለሚፈትልላት ድንክ በመጀመሪያው ሌሊት የአንገት ጌጧን፣ በሁለተኛው ቀለበቷን ትሰጣለች። በሦስተኛው እጇ ላይ ምንም የለም። ያኔ ገና ያልተወለደ ልጇን ቃል ትገባለች። የምትድነው ስሙን በሦስት ቀን ውስጥ ስታውቅ ነው፤ ያወጣው ደግሞ እሳት ዙሪያ እየጨፈረ የዘፈነው ራሱ ድንኩ ነው። እዚህ ጋ «ስሙን ወሰደች» ብለው እንዳይተረጉሙ። «ስሙን አወቀች» በቂ ነው።

ስለ ስጦታ አልጠየቁኝም፣ ግን እዚያም መድረስዎ አይቀርም። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ተረቶች ብራውኒ የሚባል የቤት መንፈስ ሌሊት ሌሊት ሥራ ያግዛል። ወተት ያስቀምጡለታል። ልብስ የሰጡት ዕለት ግን ለብሶት ይሄዳል፣ አይመለስም። ስለዚህ ወተቱን «ሰጡት» አይበሉ፤ «ትተውለት ይተኛሉ» ይበሉ። «ሰጡት»ን ለልብሱ ቀን ያቆዩት።