ዕቃ ሲመለስ ኮሚሽኔ እንዴት ይቆረጣል?

«አንድ የቤት ዕቃ አከፋፋይ በሽያጭ ሠራተኛነት ሊቀጥረኝ ነው። ውሉ ላይ “ከተሰበሰበ ሽያጭ 4 በመቶ ኮሚሽን ይከፈላል፤ ዕቃ ከተመለሰ ኮሚሽኑ ይቆረጣል” ይላል። ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ አንቀጹ በራሱ ክፋት የለውም። ድርጅቱ ለደንበኛው ገንዘቡን ከመለሰ፣ በዚያ ገንዘብ ላይ የወሰድሽው ኮሚሽን መመለሱ ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አቆራረጡ ነው። ዕቃው የተመለሰው ደንበኛው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ወይስ ገና ዕዳ እያለበት? ውልሽ ይህን አይለይም።

በቁጥር እንየው። ለአንድ ሱቅ 10 ፍሪጅ በዱቤ ሸጥሽ እንበል። የአንዱ ዋጋ ከቫት በፊት 20,000 ብር ነው። ጠቅላላው 200,000፣ ከ15 በመቶ ቫት ጋር 230,000 ይሆናል። ቫቱ የመንግሥት ስለሆነ ኮሚሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ነው። ሁሉም ከተከፈለ 8,000 ብር ታገኛለሽ።

ባለሱቁ ከፍሎ ጨረሰ፣ ከዚያ 2 ፍሪጅ መልሶ ገንዘቡን ወሰደ። የ40,000 ብር 4 በመቶ 1,600 ነው። ይህ ይቆረጥ፤ ቅሬታ የለኝም።

አሁን ግን ባለሱቁ ግማሹን ብቻ ከፍሏል እንበል። አንቺም የ100,000 ብሩን ኮሚሽን፣ 4,000 ብር፣ ወስደሻል። ሁለቱን ፍሪጅ የመለሰው በዚህ መሃል ነው። ድርጅቱ ለእሱ የሚመልስለት ገንዘብ የለም። ከቫት በፊት ሲታሰብ ዕዳውን ብቻ ከ100,000 ወደ 60,000 ዝቅ ያደርግለታል። ይህ 60,000 ሲሰበሰብ 2,400 ብር ይደርስሻል፤ ከፊተኛው ጋር 6,400። ድርጅቱ ጋ የቀረው ሽያጭ 160,000 ነው፤ 4 በመቶው ልክ 6,400 ነው። ሒሳቡ ተዘጋ።

ሒሳብ ክፍሉ ግን «ዕቃ ተመልሷል» ብሎ 1,600 ብር ከቆረጠብሽ፣ የሚተርፍሽ 4,800 ብቻ ነው። ላልተከፈለሽ ኮሚሽን ተቀጣሽ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው በተንኮል አይደለም። የተመላሽ ዝርዝሩን የሚይዘውና ክፍያ የሚመዘግበው ሰው ስለሚለያዩ ነው። ስለዚህ በየደረሰኙ የራስሽን መዝገብ ያዢ፤ ሒሳቡ ሲያልቅ ድርጅቱ ጋ የቀረውን ሽያጭ በ4 በመቶ አባዢና ከተከፈለሽ ጋር አስተያዪው።

ከመፈረምሽ በፊት ይህ እንዲጨመር ጠይቂ፦ «ኮሚሽን የሚቆረጠው ለደንበኛው በተመለሰ ገንዘብ ልክ፣ በተከፈለበት መቶኛ ብቻ ነው።» መቶኛው በየወሩ በሽያጭ መጠን የሚለዋወጥ ከሆነ ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ብር ታድናለች። ዕቃ እስከ ስንት ቀን ሊመለስ እንደሚችልም ይጻፍ፤ አለዚያ ከወራት በኋላም ይቆረጥብሻል።

ኮሚሽንሽ ባይበቃ ከደመወዝሽ እንቆርጣለን ካሉሽስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ኮሚሽን ከደመወዝ ተለይቶ ነው የሚታየው። ከደመወዝ ለመቁረጥ ደግሞ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የአንቺ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ከወር ደመወዝሽ ከሲሶው ማለፍ አይችልም። ፊርማሽ ያ የጽሑፍ ስምምነት ሊሆን ስለሚችል፣ «ከሚቀጥለው ወር ኮሚሽን ብቻ ይቀነሳል» የሚል ካልተጻፈ አትፈርሚ።