ፊደል ይቆጥራሉ፤ ግን አያነቡም

ጥያቄ፦ «2ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ከ54 ተማሪዎቼ አራቱ ፊደል ይቆጥራሉ፤ ቃል ስሰጣቸው ግን አያነቡም። እኛ አካባቢ የሚመረምር ባለሙያ የለም። የእውነት የንባብ ችግር መሆኑን በምን ልወቅ? እስከዚያውስ ክፍል ውስጥ ምን ላድርግላቸው?»

እህቴ፣ በእነዚህ ክፍሎች አማርኛ ሳስተምር 17 ዓመት ሆኖኛል፤ መልሴም ከዚያው ልምድ የተቀዳ ነው።

«ፊደል ይቆጥራሉ» ያሉትን ለጊዜው እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት። ከሀ እስከ ፐ በዜማ መውረድ የጆሮና የምላስ ሥራ ስለሆነ፣ አንዲት ፊደል ለይቶ የማያውቅ ልጅም አሳምሮ ሊወጣው ይችላል። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው ሀሁ ያለቀለትን ልጅ ወደ «አቡጊዳ ሄውዞ» የሚያሻግሩት፤ እዚያ ላይ ተራው ስለሚናጋ ዜማው አያድነውም። እርስዎም ከዚያ ይጀምሩ። ከተለያዩ ቤቶች 20 ፊደሎችን በትንንሽ ካርቶን ላይ ይጻፉና ልጁን ለብቻው፣ በእረፍት ሰዓት፣ አንድ በአንድ እያሳዩ ይጠይቁት። ዋናው ነገር ነጥቡ ስላልሆነ የተሳሳተውን በ«ኤክስ» አያልፉት፤ ምን ብሎ እንደ መለሰና እንዴት እንደ ደረሰበት ይጻፉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የ2ኛ ክፍል ተማሪዬ ከ20ዎቹ 14ቱን በትክክል መልሶልኝ ነበር። ከንፈሩን ስመለከት ግን «ሶ»ን ሳሳየው «ሰ ሱ ሲ ሳ ሴ ስ» ብሎ በሹክሹክታ ከወረደ በኋላ ነበር «ሶ» የሚለው። ከ14ቱ ስድስቱ እንዲህ የተገኙ ነበሩ። ቃል ውስጥ ሦስት ፊደል ቢኖር ሦስት ጊዜ እየወረደ ሊያነብ ነው ማለት ነው፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ከአእምሮው ጠፍቷል። ይኸው ልጅ የመማሪያ መጽሐፉን ግን ሳይደናቀፍ «ያነብ» ነበር። የአንዱን ምንባብ ዓረፍተ ነገሮች ቅደም ተከተል ቀይሬ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፤ እሱ የመጽሐፉን ቅደም ተከተል አነበበልኝ።

ሁለተኛው ምልክት ያለ ፊደል፣ በድምፅ ብቻ የሚታይ ነው። «ከበሮ» የሚለውን ቃል በጭብጨባ እንዲከፍለው ያድርጉና «ከ»ን ብናወጣ ምን ይቀራል ብለው ይጠይቁት። የቀሩት የክፍሉ ልጆች ሁለት ሦስት ምሳሌ ካዩ በኋላ «በሮ» ሲሉ፣ እሱ ከብዙ ምሳሌ በኋላም ደጋግሞ «ከበሮ» ካለ ወይም «ነጋሪት» ብሎ በትርጉም ከመለሰ ይመዝግቡት። ሦስተኛው ሳድስ ላይ ይታያል። «ክብር» ውስጥ «ክ» አናባቢዋን ይዛ ስትነበብ «ር» ያለ አናባቢ ትዋጣለች፤ ይህን የሚያሳይ ምልክት ግን ጽሕፈታችን የለውም። ችግር ያለበት ልጅ ሦስቱንም እኩል እያስረዘመ «ክ… ብ… ር…» ይልና ስለምን እንዳነበበ ስትጠይቁት አያውቅም። ማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያነባል፤ ምልክት የሚሆነው ወራት አልፈውም ሳይለቀው ሲቀር ነው።

ምልክት ያልሆነውንም ልጨምር። «ሀ»ን በ«ሐ»፣ «ሰ»ን በ«ሠ» መቀየር የንባብ ችግር አይደለም፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አዋቂውም ይሳሳታል። («ፀሐይ»ን አስተማሪዎች ራሳችን በስንት ዓይነት እንደምንጽፍ እናውቃለን።) «ገና»ን አላልቶ ጀምሮ ዓረፍተ ነገሩ ሲገባው አጥብቆ የሚያርም ልጅም ደህና አንባቢ ነው።

ያን ጊዜ የያዝኳቸው ልጆች ሦስት ነበሩ፤ ሲታዩ ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንደኛዋ በአጨዳና በውቂያ ወራት ከክፍል ስለምትቀር ያመለጣት ትምህርት ብቻ ነበር፤ በሦስት ሳምንት ተስተካከለች። ሁለተኛው «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» ያምታታ ነበር። ከኋላው ቆሜ በዝግታ ስጠራው አይዞርም፤ ጆሮው ፈሳሽ ነበረውና ቤተሰቡ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ስለዚህ ዓይንና ጆሮ፣ ቀሪ ቀናት፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ሳይታዩ «ዲስሌክሲያ» የሚለውን ቃል ባያነሱት ይሻላል። ለነገሩ ያ ቃል የባለሙያ እንጂ የእኛ አይደለም። አማርኛን ገና እየለመደ ያለ ልጅ የቃሉን ትርጉም ባለማወቁ ሊቸገር ይችላል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በድምፅ ጨዋታው ላይ ከተሳካለት ችግሩ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ያ የሚያንሾካሹከው ልጅ ነው። ለእሱ ያደረግሁትን እርስዎ ለአራቱም በአንድነት ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ምርመራ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ችግሩ ሌላ ሆኖ ቢገኝም ልጁን አይጎዳውም። ሌሎቹ በጽሑፍ ሥራ ላይ ሳሉ በሳምንት አራት ቀን፣ 15 ደቂቃ፣ ለስምንት ሳምንት ያህል ከጎኔ አስቀመጥኩት። በ«ሀ» አልጀመርኩም፤ የ«ሀ» ቤት ቅርፁ ወጣ ገባ ነው። «በ»፣ «ለ» እና «ሰ»ን ወሰድኩ፤ ምክንያቱም በእነዚህ ካዕቡ በቀኝ ጎኑ መካከል፣ ሣልሱ በቀኝ እግሩ ግርጌ ቅጥያ ያወጣል፣ ራብዑ ቀኝ እግሩን ያስረዝማል፣ ኃምሱ ግርጌው ላይ ቀለበት ይይዛል። ልጁ ቅጥያው ድምፁን እንደሚናገር አንዴ ሲገባው ከእያንዳንዱ ቤት አራት ፊደል በአንድ ሕግ አገኘ። ሳድስና ሳብዕ ግን ከቤት ቤት ስለሚለዋወጡ አንድ በአንድ፣ ዘግየት ብለው ነው የገቡት። «በ» እና «ሰ» ሁለቱም ባለ ሁለት እግር ሆነው ስለሚመሳሰሉ በአንድ ቀን አላስተማርኳቸውም።

በየቀኑ አዲስ የሚጨመረው ከሁለት ፊደል አይበልጥም ነበር፤ በእነርሱና ቀድሞ በሚያውቃቸው ብቻ «ላባ»፣ «ሰባ»፣ «ሌባ» የመሰሉ ቃላት በካርቶኖቹ ይሠራል። ፊደሉን ሲያይ በሁለት ሰከንድ ካልመለሰ እኔው እነግረዋለሁ፤ ቆሜ ብጠብቀው ወደ ሹክሹክታው ይመለሳልና። መጀመሪያ ላይ የሠራሁት ስህተት ያልያዘውን ፊደል አሥር ጊዜ እንዲገለብጥ ማዘዜ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን ትቶ ሥዕል መሣል ጀመረ። በኋላ አንዴ በጻፈ ቁጥር ድምፁን ጮክ ብሎ እንዲል፣ ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲጽፍ አደረግሁ።

በክፍሉ ፊት በድንገት አስነሥቼ ማስነበብ ተውኩ። ተራው ሲደርስ የሚያነባትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከዋዜማው ሰጥቼው ቤቱ ይለማመዳታል። ሒሳብ ላይ የቃል ፕሮብሌሙን እኔ አነብለታለሁ፤ ስሌቱን ከብዙዎቹ ቀድሞ ይጨርስ ነበር፤ ለቤተሰቡም መጀመሪያ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። አባቱ «ሰነፍ ነው» ብለው ነበርና የመጡት፣ ካርቶኖቹን እፊታቸው ዘርግቼ ልጁ እንዴት እንደሚደክም አሳየኋቸው።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ያንኑ የ20 ፊደል ፈተና ስደግም 17ቱን ሳያንሾካሹክ መለሰ፤ ሁለት ሁለት ፊደል ካላቸው 10 ቃላትም 7ቱን አነበበ። ዓረፍተ ነገር ላይ ግን አሁንም እጅግ ዘገምተኛ ነበር፤ «ከበሮ» ያለ «ከ»ም አልተሳካለትም። እንዲህ በቅርብ እየታገዘ እንኳ እርምጃው ከእኩዮቹ በጣም ከዘገየ፣ ባለሙያ ሊያየው እንደሚገባ የሚነግርዎ ያ ነው። የየሳምንቱን መልሶቹን፣ ከነስህተቱ ከነቀኑ፣ በአንድ ደብተር አኑሬ ስለነበር ለልዩ ፍላጎት ባለሙያዋ የሰጠኋት እሱን ነው፤ እርሷም ከልጁ ጋር ስትቀመጥ በቀጥታ ከድምፅ መለየቱ ጀመረች። 3ኛ ክፍል ሲያልፍም ደብተሩን ለሚቀጥለው መምህር አስረከብኩ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «በድንገት አታስነብበው፤ ከዋዜማው ስጠው» ብዬ ጽፌበታለሁ።