«ሁልጊዜ»፣ «በጭራሽ» እና «ብቻ» የገቡባቸው የእውነት/ሐሰት ጥያቄዎች፦ ጥያቄና መልስ

ፈተና ሳወጣና ሳርም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። በእነዚህ ቃላት የተሸወዳችሁ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እኔ «ሁልጊዜ» ወይም «በጭራሽ» ካየሁ ቀሪውን ሳላነብ ሐሰት ነው የምለው። ብዙ ጊዜ አዋጥቶኛል። ምን ችግር አለው?

ግማሽ ልክ ነህ። የሚያዋጣህ ፈተና አውጪ ሐሰት ዓረፍተ ነገር ሲቸግረው ከመጽሐፉ እውነተኛውን አንስቶ አንዲት ቃል ስለሚሰካበት ነው። «አጥቢ እንስሳት ልጅ ይወልዳሉ» የሚለው ላይ «ሁልጊዜ» ጨመርክ እንበል። ፕላቲፐስ አጥቢ ሆኖ እንቁላል ይጥላልና ዓረፍተ ነገሩ ፈረሰ። ሲመሽብኝ እኔም እንዲህ አድርጌያለሁ።

ተማሪው መንቃቱን ስናይ ግን እውነተኛ «ሁልጊዜ» እናስገባለን። «የካሬ አራት ጎኖች ሁልጊዜ እኩል ናቸው» እውነት ነው፤ ጎኖቹ እኩል ካልሆኑማ መጀመሪያውኑ ካሬ አይባልም። ስለዚህ ቃሉን ስታይ መልስ ለመጻፍ አትቸኩል፣ ማፍረሻ ፈልግ። አንድ ካገኘህ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ማፍረሻ ፈልጌ ባጣስ? ስለሌለ ነው ወይስ እኔ ስለማላውቅ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ለምዶት ያለው ቦታ ላይ ስለሚፈልግ ነው። «የአንድ ቁጥር ካሬ ሁልጊዜ ከቁጥሩ ይበልጣል» የሚለውን እንይ። 2 ሲሞከር 4፣ 5 ሲሞከር 25፣ 10 ሲሞከር 100። ሦስቴ ሞክሮ «እውነት» የሚል ብዙ ነው። ሦስቱም ግን አንድ ዓይነት ቁጥሮች ናቸው። ጠርዝ ላይ ያሉትን ሞክሪ፦ 1 ራሱን 1 ይሰጣል፣ 0.5 ደግሞ 0.25 ይሆንና ጭራሽ ያንሳል። በቁጥር ጥያቄ ዜሮን፣ አንድን፣ ክፍልፋይንና ነጌቲቭን ሳትነኪ አትለፊ።

ካጣሽ «ለምን የግድ ሆነ?» ብለሽ ጠይቂ። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ እውነት በይ። ያለሽ መልስ «ሌላ አይቼ አላውቅም» ብቻ ከሆነ ግምት ላይ ነሽ። ያኔ ሐሰት ብትዪ አልፈርድብሽም።

ጥያቄ፦ ምርጫ ላይ «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውስ እንዴት ይታያል?

እሱ የምርጫ ጥያቄ ነው፣ ሌላ ጣጣ አለው። ለዛሬ ይቆየን።

ጥያቄ፦ «ብቻ» ነው እኔን የሚጥለኝ። ሁለት ጊዜ አንብቤም እሳሳታለሁ።

ምክንያቱም የት እንደተቀመጠ አታይም። «ብቻ» የሚያጥረው ከፊቱ ያለውን ቃል ነው። እነዚህን አስተያይ፦

«ወፎች ብቻ እንቁላል ይጥላሉ።»
«ወፎች እንቁላል ብቻ ይጥላሉ።»

የመጀመሪያው ከወፍ ሌላ እንቁላል የሚጥል የለም ይላል። አዞና ኤሊ አፈረሱት። ሁለተኛው ወፍ ከእንቁላል ሌላ አይጥልም፣ ልጅ አይወልድም ማለት ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ የሚወልድ ወፍ የለም። ቃላቱ ያው፣ ቦታው ብቻ ተለወጠ፣ መልሱ ተገለበጠ። ማፍረሻ የምትፈልግበት አቅጣጫም ይለያል፦ ለመጀመሪያው ከወፎች ውጭ፣ ለሁለተኛው ወፎች ውስጥ። ጣትህን «ብቻ» ላይ አድርግና ከፊቱ ያለውን ቃል አስምርበት።

ጥያቄ፦ «ሁሉም ወፎች አይበሩም» የሚል መጣብን። እኔ እውነት አልኩ፣ ጓደኛዬ ሐሰት አለ። ማን ነው ልክ?

ሁለታችሁም፣ ጥፋቱ የአውጪው ነው። «የማይበሩም አሉ» ከሆነ ሰጎን ምስክር ነች፣ እውነት ነው። «አንድም የሚበር የለም» ከሆነ ሐሰት። አማርኛችን ለሁለቱም በር ይከፍታል። እጅህን አውጥተህ መጠየቅ ነው። ካልተቻለ እኔ የመጀመሪያውን እወስዳለሁ።

ከአንባቢ፦ መምህር፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔም አስተምራለሁ፤ «አይበሩም» ካለ አንድም አይበርም ማለት ነው። የመጀመሪያውን የፈለገ «ሁሉም ወፎች አይደሉም የሚበሩት» ይበል።

እንደዚያ ቢጻፍማ ክርክሩ አይነሳም ነበር። ግን ሁሉም አውጪ እንደ እርስዎ አይጠነቀቅም፤ ስለዚህ እንዳለን እንቆይ።

ጥያቄ፦ «ውሃ ሁልጊዜ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል» ለሚለው ሐሰት ብዬ ኤክስ ተደረገብኝ። እስከዛሬ ያናድደኛል።

ልክ ነበርሽ። ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው። አራሚው «በባሕር ወለል ግፊት» የሚለውን በልቡ ይዞ ይሆናል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። እንዲህ ሲያጋጥም «ሐሰት» ከሚለው አጠገብ በእርሳስ «ከፍታ ላይ ያንሳል» ብለሽ ጻፊ። አንዳንዱ አራሚ አይቶ ነጥቡን ይመልሳል። አንዳንዱ አይመልስም።