ቀስቱን ወደ ጥያቄ ቀይረው

«የሴሚስተሩን ኖት አንብቤ በድምፅ ቀዳሁት፤ መንገድ ላይ ስሰማው ግን ምንም አይያዘኝም። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ችግሩ ኖቱን እንዳለ ማንበብህ ነው። ኖት ለዓይን የተጻፈ ነው። ቀስትና ሠንጠረዥ በጆሮ አይገቡም።

መስመሩን ወደ ጥያቄ ቀይረው። የኢኮኖሚክስ ኖትህ «ዋጋ ↑ → የሚፈለገው መጠን ↓» ይላል እንበል። ለቅጂው በምታዘጋጀው ስክሪፕት ላይ «የአንድ ዕቃ ዋጋ ሲጨምር ሰዎች ሊገዙት የሚፈልጉት መጠን ምን ይሆናል?» ብለህ ጻፍ። ስትቀዳ እዚህ ጋ 5 ሰከንድ ዝም በል። መልሱን ከራስህ የምታወጣው በዚህች ዝምታ ነው፤ በፍጹም አትቁረጣት። ከዚያ «ይቀንሳል፤ ገቢና የሌሎች ዕቃዎች ዋጋ ካልተለወጡ» በል። ይህች ቅድመ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ኖት ላይ አትጻፍም፤ መምህሩ በቃል ነው የሚላት። ስለዚህ ስክሪፕቱን ትምህርቱ ሳይረሳህ፣ በየሳምንቱ ጻፈው።

ግራፉን ለወረቀት ተወው።