72ን ለወለዱ አካፍሉት

ልጆቼ፣ በሒሳብ ሥራ ላይ ፀጉሬ ሸብቷል። እስካሁን ግን ካልኩሌተር ሳልነካ የምሠራት አንዲት ስሌት አለች። ገንዘባችሁ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ማወቅ ስትፈልጉ 72ን ለዓመታዊው ወለድ አካፍሉት። ወለዱ 8 ፐርሰንት ከሆነ 9 ዓመት፣ 6 ፐርሰንት ከሆነ 12 ዓመት ይፈጃል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለምን 72 ሆነ? የሒሳብ ሰዎች 69 ከምናምን ይሏችኋል። ግን 69ን በቃል ማካፈል የሚወድ ማን አለ? 72 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ9 እና ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ደግሞም ወለዱ በዓመት አንዴ ከታሰበና ወደ 8 ፐርሰንት ከተጠጋ፣ መልሱ ከትክክለኛው ጋር ይገጥማል ማለት ይቻላል። 24 ፐርሰንት ላይ ስትደርሱ ግን ትንሽ ይስታል፤ 3 ዓመት ይላችኋል፣ እውነቱ 3 ዓመት ከሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው።

እኔ ይህችን ስሌት በጣም የምወዳት ጥቃቅን የሚመስሉ ልዩነቶችን ስለምታጋልጥ ነው። 100 ሺህ በ8 ፐርሰንት አስቀመጣችሁ እንበል። በየ9 ዓመቱ ሲታጠፍ 200 ሺህ፣ 400 ሺህ፣ 800 ሺህ እያለ በ36 ዓመት 1.6 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። አሁን ገንዘቡን የሚያስተዳድርላችሁ ድርጅት በየዓመቱ 2 ፐርሰንት ይቁረጥ። «2 ፐርሰንት ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። የቀራችሁ 6 ፐርሰንት ነው። አሁን የሚታጠፈው በየ12 ዓመቱ ስለሆነ በ36 ዓመት ሦስቴ ብቻ ይታጠፋል፤ 800 ሺህ ገደማ። ግማሹ የለም! ውል ስትፈርሙ ታዲያ መጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያውን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ስሌቷ የምትሠራው ወለዱ ራሱ ወለድ ሲወልድ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ የሁለተኛውን ዓመት መግለጫ እዩ። በመጀመሪያው ዓመት 8 ሺህ ካገኛችሁ፣ በሁለተኛው 8,640 መሆን አለበት። አሁንም ድፍን 8 ሺህ ከሆነ፣ ወይ ወለዱ የሚታሰበው በዋናው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው፣ ወይ እናንተው እያወጣችሁ ትበሉታላችሁ። ያኔ ወለዱ ተጠራቅሞ ከዋናው ጋር እኩል የሚሆነው በ9 ሳይሆን በ12 ዓመት ተኩል ነው።

ብድር ላይም ያው ስሌት ነው፤ ግን ወለዱ የዓመት ነው ወይስ የወር የሚለውን ሳታጣሩ እንዳታካፍሉ። አበዳሪው «3 ፐርሰንት ብቻ» ሲላችሁ በወር ማለቱ ከሆነ፣ 72 ለ3 ሲካፈል የሚመጣው 24ም ወር ነው። ያልተከፈለው ወለድ በዕዳው ላይ እየተደመረ ከሄደ፣ የተበደራችሁት 50 ሺህ ሁለት ዓመት ሳይሞላው 100 ሺህ ይሆናል።