ቅናሹ የት ገባ?

ወደ ሽያጭና ማርኬቲንግ ሥራ አዲስ ለገባችሁ ወጣቶች፤

የመጀመሪያው የፕሮሞሽን በጀት እጃችሁ ሲገባ አለቆቻችሁ የሚጠይቋችሁ «ስንት በመቶ እንቀንስ?» ብለው ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። የምንቀንሰው ለማን ነው? ገዝቶ ለሚጠቀመው ወይስ ገዝቶ ለሚሸጠው? ኩፖን፣ ናሙና፣ ዕጣ፣ ከዕቃው ጋር የሚሰጥ ስጦታ፣ ዋጋው ሳይጨምር መጠኑ የጨመረ እሽግ ለሸማቹ የሚቀርቡ ናቸው። ለአከፋፋይና ለቸርቻሪ ደግሞ ከደረሰኝ ላይ የሚቀነስ ዋጋ፣ «አሥር ካርቶን ለወሰደ አንድ በነጻ»፣ ዕቃውን ፊት ለፊት ለደረደረ የሚከፈል ገንዘብ፣ ለሱቅ ሻጮች የሚሰጥ ጉርሻ አለ። ሁለቱም የምርት ስም ሊያበላሹ ይችላሉ። የነጋዴው ግን ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ድል መስሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

አንድ ፋብሪካ ሳሙናውን ለአከፋፋይ በካርቶን 80 ብር ይሸጣል እንበል። ማምረቻው 50 ስለሚፈጅ ትርፉ 30 ነው። ሸማቾች በሳምንት 1,000 ካርቶን ይገዛሉ። ድርጅቱ ለአራት ሳምንት ከደረሰኝ ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 8፣ ይቀንሳል። አከፋፋዮቹ ይሻሙና በአራቱ ሳምንት 8,000 ካርቶን ያነሳሉ። ሪፖርቱ «ሽያጭ በእጥፍ አደገ» ይላል፤ ስብሰባው ይጨበጨባል።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። ቸርቻሪው ቅናሹን በሙሉ ለሸማቹ አላሳለፈም፤ የተወሰነውን ለራሱ አስቀረ። ስለዚህ በአራቱ ሳምንት ከሱቅ የወጣው 4,600 ካርቶን ብቻ ነው። የቀረው 3,400 መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል። በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ሸማቹ እንደ ልማዱ 4,000 ይገዛል፤ አከፋፋዩ ግን የራሱን ክምችት ስለሚያወጣ ከፋብሪካው የሚያዘው 600 ብቻ ነው።

ስሌቱን በስምንቱም ሳምንት ሥሩት። ፕሮሞሽኑ ባይኖር 8,000 ካርቶን በ30 ትርፍ 240,000 ያስገኝ ነበር። ከፕሮሞሽኑ ጋር 8,000 በ22 ትርፍ 176,000፣ በኋላ የታዘዘው 600 በ30 ደግሞ 18,000፣ በድምሩ 194,000 ሆነ። 46,000 ጎደለ። የተገኘው ተጨማሪ ሽያጭ 600 ካርቶን ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ካርቶን ወደ 77 ገደማ አስወጥቷል ማለት ነው። ያንን ካርቶን እንዲሁ በነጻ መስጠት ይረክስ ነበር።

የገንዘቡ ኪሳራ ግን ቀላሉ ነው። መጋዘን የተከማቸ ዕቃ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዱ አከፋፋይ ቅናሽ ወዳልተሰጠበት አካባቢ ወስዶ ከዚያው አካባቢ አከፋፋይ ዋጋ በታች ይሸጠዋል። ሌላው የመጠቀሚያ ጊዜው ሲቃረብ በርካሽ ይበትነዋል። ሸማቹ ያንኑ ካርቶን ሳሙና በአንድ ሱቅ 100፣ በሌላው 88 ሲያገኘው የሚጠረጥረው ሱቁን አይደለም። «ይሄኛው ተመሳስሎ የተሠራ ይሆን?» ወይም «እስከዛሬ ሲዘርፉን ኖረዋል» ይላል። በደንቡ የገዛው አከፋፋይም ተቀይሞ ዕቃችሁን ከፊተኛው መደርደሪያ ያወርዳል።

መፍትሔው ለነጋዴው አለመስጠት አይደለም፤ የምትከፍሉበትን ነጥብ ማዛወር ነው። ባነሳው ልክ ሳይሆን ለሸማች በሸጠው ልክ ክፈሉት፣ የሱቁን የሽያጭ መዝገብ አይታችሁ። ለድርደራ የምትከፍሉ ከሆነ ቀን ያለበት ፎቶ ጠይቁ። መዝገብ በማይገኝበት ደግሞ ጣሪያ አብጁ፦ ማንም ከተለመደው ትዕዛዙ ከ20 በመቶ በላይ በቅናሽ አያነሳም። ፕሮሞሽኑ ሲጀመርና ሲያልቅ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ካርቶን ቆጥራችሁ መዝግቡ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ አሰልቺ በመሆኑም ነው ብዙዎች የሚዘሉት።

ለሱቅ ሻጮች የሚሰጠውን ጉርሻ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሻጩ ዕቃችሁን ለማይስማማው ሰው ጭምር ይሸጠዋል፤ ቅሬታው ግን የሚመለሰው በሻጩ ላይ ሳይሆን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ስም ላይ ነው።

ወደ ሸማቹ ስንመጣ አደጋው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ገዢ ስለ አንድ ዕቃ «ይሄን ያህል ያወጣል» የሚል ዋጋ በልቡ ይዟል። መቶ የነበረውን በየወሩ በ80 ካሳያችሁት ልቡ ውስጥ ያለው ዋጋ 80 ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ 100 ስትመለሱ መደበኛውን ዋጋ ያስመለሳችሁ ይመስላችኋል፤ ለእሱ ግን ጭማሪ ነው። ይህ መጀመሩን የምታውቁት በአንድ ምልክት ነው፦ ከቅናሹ በፊት ባለው ሳምንት ሽያጩ ከወትሮው ይወርዳል። ሰዎች እየጠበቁ ናቸው ማለት ነው።

አንዴ ከለመደ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ መደብር እ.ኤ.አ. በ2012 ኩፖኖቹንና ተደጋጋሚ ቅናሾቹን አስቀርቶ ዓመቱን ሙሉ የማይለዋወጥ ዝቅተኛ ዋጋ አቀረበ። በስሌት ሲታይ ለገዢው ፍትሐዊ ነበር። ገዢዎቹ ግን የለመዱት «ይሄን ያህል አተረፍኩ» ማለትን ነበርና የዚያ ዓመት ሽያጭ በሩብ ያህል ወደቀ፤ ለውጡን ያመጣው ሥራ አስኪያጅም በሚያዝያ 2013 ተሰናበተ።

ስለዚህ ዋጋ መቀነስ የግድ ሲሆን ምክንያትና ማብቂያ ቀን ይኑረው። አዲስ እሽግ ስለወጣ፣ ወይም ድርጅቱ አሥረኛ ዓመቱን ስለሞላ ቢባል ገዢው የተቀነሰውን ዋጋ እንደ እንግዳ ያየዋል፤ ምክንያት ሳይጠቀስ ከወረደ ግን ትክክለኛው ዋጋ እሱ ነው ብሎ ያምናል። ከተቻለ ደግሞ ዋጋውን የማይነካውን መንገድ ምረጡ። ዕቃው ሲሞከር የሚያሳምን ከሆነ ናሙና ከሁሉም ይሻላል፤ ሲሞከር የማያሳምን ከሆነ ግን ናሙናው ውድቀቱን ያፋጥነዋል። መጠኑ የጨመረ እሽግ ዋጋን አያረክስም፤ ግን በብዛት የሚወስደው ዱሮም የሚገዛው ደንበኛ ነው፤ እሱም ቤቱ አከማችቶ ለወር ሊጠፋ ይችላል።

ስጦታም ከዕቃው መብለጥ የለበትም። ሁቨር የተባለው የቤት ዕቃ አምራች እ.ኤ.አ. በ1992 በብሪታኒያ ቢያንስ የ100 ፓውንድ ዕቃ ለገዛ ሁለት የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት እሰጣለሁ አለ፤ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ። ትኬቱ ከዕቃው እጅግ ስለበለጠ ሕዝቡ የሁቨርን የአቧራ መምጠጫ ማሽን የገዛው ለትኬቱ ሲል ነው። ጠያቂው ከታሰበው በላይ ሲሆን ትኬት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ወጪው ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። ማስታወቂያውን ከማውጣታቸው በፊት አንድ ስሌት በቂ ነበር፦ የገዙት ሁሉ ስጦታውን ቢጠይቁ ምን ያህል ያስወጣናል? ይህን ቁጥር ሳትጽፉ የስጦታ ፕሮሞሽን ፊርማ ላይ እንዳታቀርቡ።

ፕሮሞሽኑ ሲያልቅ ደግሞ ሪፖርቱን በቅናሹ ሳምንታት አትዝጉት። ከመጀመሩ በፊት ያሉትን አራት ሳምንታትና ካለቀ በኋላ ያሉትን ስምንት ሳምንታት ጨምሩና፣ ከፋብሪካ የወጣውንና ከሱቅ የተሸጠውን በሁለት መስመር በአንድ ገጽ ላይ ሣሉ። የመጀመሪያው መስመር እንደ ተራራ ወጥቶ ሲወድቅ ሁለተኛው ሜዳ ሆኖ ከቀረ፣ ቅናሹ የገባው መጋዘን ነው።